የአንድ ዳዊት ዕድሜ፦ በቡሌ ለብራና መጻሕፍት ጠባቂዎች የቀረበ ዲስኩር



አንድ የብራና መጽሐፍ ከዕቃ ቤት ሲወጣ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ስንት ዓመቱ ነው?» የሚል ነው። መልሱም ብዙ ጊዜ በችኮላ ይሰጣል። ገጹ ከጠቆረ፣ ጠርዙ ከተበላና ድጉሱ ከተቀደደ «የጥንት ነው» ይባላል፤ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ «የቅርብ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህ አካሄድ ለምን እንደሚያስት ነው። ጥራዙ፣ ቀለሙ፣ ፊደሉና ጉዳቱ ስለ አንድ ቀን የሚመሰክሩ አይደሉም። ፊደሉ ስለ ተጻፈበት ዘመን ይናገራል፣ ድጉሱ ስለ ተደጎሰበት ዘመን፣ እድፉ ደግሞ ስለ አነባበቡና ስለ አቀማመጡ። እነዚህን ቀኖች አንድ አድርጎ የሚወስድ ሰው በመቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊሳሳት ይችላል።

በዚህ አካባቢ አንድ ሌላ ማሳቻም አለ። በጌዴኦ ምድር ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ የተተከሉት ከ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ወዲህ ነው። መጽሐፍ ግን በሰው እጅና በበቅሎ ጀርባ ይጓዛል። ከሰሜን የመጣ ካህን ከአያቱ የወረሰውን ዳዊት ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ደብሩ ከተተከለ በኋላ እዚሁ የተጻፈም ይኖራል። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑን ዕድሜ አውቀን የመጽሐፉን ማወቅ አንችልም። የሚነግረን ራሱ መጽሐፉ ነው።

ሊቃውንትም ቢሆኑ በመልክ ብቻ ተነሥተው ስተዋል። በዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙትን ወንጌላት ብዙ የውጭ ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ ከ11ኛው ምዕተ ዓመት ግድም በፊት አይሄዱም ብለው ያምኑ ነበር። የገዳሙ ትውፊት ግን አባ ገሪማ ራሳቸው እንደጻፏቸው ይናገራል፤ ይህም ወደ ስድስተኛው ምዕተ ዓመት ይወስደናል። በኋላ ከብራናው ጥቂት ቅንጣት ተወስዶ በኦክስፎርድ በካርቦን 14 ተመረመረ። የአንዱ ወንጌል ብራና እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ፣ የሌላው ደግሞ ከ530 እስከ 660 ባለው ጊዜ ውስጥ ወደቀ። ገዳሙ የሚያወራው ዘመን ሊቃውንቱ ከገመቱት ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ሁሉንም መጽሐፍ ለምን ወደ ካርቦን ምርመራ አንልክም? አንደኛ፣ ምርመራው ከቅርሱ ላይ ቁራጭ ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ የሚለካው ፍየሉ ወይም በጉ የሞተበትን ጊዜ እንጂ ጸሐፊው ብርዕ ያነሣበትን ቀን አይደለም። ለእኛ የሚብሰው ግን ሦስተኛው ምክንያት ነው። ካለፉት ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመታት ወዲህ በአየር ውስጥ ያለው የካርቦን 14 መጠን ሲወጣና ሲወርድ ስለኖረ፣ ከ17ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ እስከ 20ኛው አጋማሽ ያሉ ዕቃዎች በምርመራው እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። ለአባ ገሪማ ወንጌል ትልቅ ብርሃን የሰጠው መሣሪያ ለአንድ የደጋ ደብር ዳዊት «ከፋሲል ወይም ከምኒልክ ወይም በመካከላቸው ካለው ዘመን» የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። በእኛ ዕቃ ቤቶች ሊገኙ ከሚችሉት መጻሕፍት ብዙዎቹ በዚሁ ክፍተት ውስጥ የሚወድቁ ናቸው። ለእነርሱ ሥራው የዓይን ነው።

አሁን ለትምህርት ብዬ ያዘጋጀሁትን አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። እንዲህ ያለ ዳዊት አለን እንበል። በመጨረሻው ቅጠል ላይ ጸሐፊው «ተፈጸመ» ብሎ ዘመኑን አኑሯል፤ ነገር ግን ውኃ ገብቶበት የንጉሡ ስምና ዓመተ ምሕረቱ ጠፍተዋል። የሚነበበው «በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ አበቅቴ ሦስት» የሚለው ብቻ ነው።

ባሕረ ሐሳብ የተማራችሁ ይህ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ወንጌላውያን በአራት ዓመት ይመላለሳሉ፣ አበቅቴ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ይመላለሳል፤ ሁለቱ አንድ ላይ የሚገጥሙት በየሰባ ስድስት ዓመቱ ነው። 1895 ዓ.ም.ን እንሞክር። 5500 ስንጨምርበት ዓመተ ዓለሙ 7395 ይሆናል። ለአራት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል፤ ይህ ሉቃስ ነው። ለአሥራ ዘጠኝ ሲካፈል አራት ይተርፋል፤ አንድ ስንቀንስ ወንበሩ ሦስት ነው። በአሥራ አንድ ስናበዛው ሠላሳ ሦስት፣ ሠላሳውን ስንገድፍ አበቅቴው ሦስት ሆነ። ገጠመ። ከዚህ ተነሥተን ሰባ ስድስት ሰባ ስድስት እየቀነስንና እየጨመርን ስንሄድ አምስት ዓመታት እናገኛለን፦ 1667፣ 1743፣ 1819፣ 1895 እና 1971 ዓ.ም.። የመጀመሪያው በጻድቁ ዮሐንስ ዘመን ነው። ሁለተኛው በዳግማዊ ኢያሱና በእናታቸው በምንትዋብ ዘመን፣ ሦስተኛው በዘመነ መሳፍንት፣ አራተኛው በዳግማዊ ምኒልክ፣ አምስተኛው በደርግ ዘመን ይውላል። ከዚያ በፊት ያሉትንም መቁጠር ይቻላል፤ ፊደሉ ግን ወደዚያ እንደማይወስደን ቀጥለን እናያለን።

ስለዚህ ጥያቄያችን ጠበበ። «ስንት ዓመቱ ነው?» ማለት ትተን «ከእነዚህ ከአምስቱ የቱ ነው?» እንላለን። ሰፊ ግምት ከመስጠት ጥቂት አማራጮችን ይዞ አንድ በአንድ መጣል እጅግ ይቀላል።

ከፊደሉ እንጀምር። የግእዝ ፊደል አጣጣል በዘመናት ውስጥ ሲለወጥ ኖሯል። ለውጡን የምናውቀውም ቀናቸው በታወቀ መጻሕፍት ነው። ለምሳሌ አባ ኢየሱስ ሞዓ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሰጡት ወንጌል እ.ኤ.አ. የ1280/81 ዓመት ስላለበት ለዚያ ዘመን ፊደል መለኪያ ሆኗል። እስከ 14ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ የነበረው ጽሕፈት ማዕዘናም ነው፤ መ፣ ወ፣ ዐ የመሳሰሉት ክብነታቸው ይጠፋና ሦስት ማዕዘን ወደ መምሰል ያዘነብላሉ፣ እግሮቻቸውም ቀጥ ያሉ ናቸው። ከ15ኛው ምዕተ ዓመት ወዲህ ፊደሉ ቀስ በቀስ ይከባል። በጎንደር ዘመን ደግሞ ጉልሕ የሚባለው ትልቁ፣ ወፍራሙ፣ መጠኑ የተካከለው ጽሕፈት ይበረታል። ከእርሱ አጠገብ ረቂቅ የሚባለው ቀጭን ጽሕፈት አለ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የእጅ ዓይነት ይበዛል፤ አንዳንዱ የጎንደሩን ጉልሕ በጥንቃቄ ይከተላል፣ አንዳንዱ ፊደሉን ያጠብባል፣ ያፋጥናል።

በምሳሌያችን ዳዊት ፊደሉ ክብ ነው፤ ጠበብ ያለና ቀጥ ብሎ ያልተተከለ፣ ውፍረቱም ከመስመር መስመር የሚለያይ ነው። ስለዚህ ከጎንደር በፊት ያለውን ሁሉ ያለ ጥርጥር እንጥላለን። 1667ን እና 1743ንም ወደ መጣል እናዘነብላለን፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ልጓም እንያዝ። ቁም ጸሐፊ በመምህሩ እጅ ይቀረጻል፤ ሽማግሌ ጸሐፊ በሰማንያ ዓመቱ የሚጥለው ፊደል በሃያ ዓመቱ የተማረውን ነው። ከዋናው የጽሕፈት ማዕከል ርቆ የሚኖር ጸሐፊ ደግሞ የቆየ ልማድ ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ፊደል ብቻውን ከሃምሳ ዓመት ያነሰ ክፍተት ሲሰጥ ከሰማችሁ አትመኑት። እኔ ፊደልን የምጠቀምበት ክፍለ ዘመን ለመምረጥ ነው፤ ዓመት ለመምረጥ አይበቃም።

ከፊደሉ ጋር አብሮ የሚታይ የመስመር ነገር አለ። የድሮ ጸሐፊ በቅጠሉ ጠርዝ በወስፌ ቀዳዳ አበጅቶ፣ በደነዘዘ ሹል ነገር ያለ ቀለም መስመር ያሰምራል። መጽሐፉን ወደ ብርሃን አዘንብላችሁ ስታዩት መስመሩ በአንዱ ፊት ጎድጎድ፣ በጀርባው ደግሞ ከፍ ብሎ ይታያል። በእርሳስ የተሰመረ ከሆነ ግን የቅርብ ዘመን ሥራ ነው። በዚህ ዳዊት ውስጥ እርሳስ የለም። ይህ 1971ን ያዳክመዋል፤ ፈጽሞ ግን አይጥለውም፤ የአባቶቹን ሥርዓት የጠበቀ ጸሐፊ በደርግ ዘመንም በወስፌ ሊያሰምር ይችላል።

ወደ ቀለም እንሂድ። ጥቁሩ ቀለማችን በዋናው የጥላሸት ቀለም ነው። ጥላሸት፣ የተቆላ እህልና ሙጫ ተደባልቆ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይብላላል። ጥላሸት በብርሃን አይደበዝዝም። ስለዚህ የአምስት መቶ ዓመት ጽሕፈት ዛሬ የተጻፈ መስሎ ጥቁር ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ «ቀለሙ ደማቅ ነው፣ አዲስ ነው» የሚለው ሙግት በዚህ ይወድቃል። የጥላሸት ቀለም ብራናው ላይ ይቀመጣል እንጂ ወደ ውስጡ ብዙ አይዘልቅም፤ ስለዚህ ሲያረጅ ቅርፊት ቅርፊት እያለ ይረግፋል። አውሮፓውያን ብዙ ይጠቀሙበት የነበረው ከብረትና ከዛፍ እባጭ የሚሠራው ቀለም ግን ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ አንዳንዴም ብራናውን ይበላዋል። ኢንፍራሬድ በሚያነሣ ካሜራ ሲታዩ ይለያያሉ፤ ጥላሸቱ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ የብረቱ ቀለም ይደበዝዛል። ይህን የምነግራችሁ ቡናማ የሆነ ጽሕፈት ስታዩ ወዲያው «ጥንታዊ» እንዳትሉ ነው። የቀለሙ ዓይነት ሌላ ሊሆን ይችላል።

ዓመት የሚያስቆርጠን ጥቁሩ አይደለም፤ ሌሎቹ ቀለማት ናቸው። አንድ ቀለም በዓለም ላይ ያልነበረበት ዘመን ካለ፣ ያ ቀለም ያለበት ጽሑፍ ከዚያ ዘመን በፊት ሊጻፍ አይችልም። የፕሩሲያ ሰማያዊ የሚባለው በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በበርሊን ተገኘ። በፋብሪካ የሚሠራው አኒሊን የተባለው ቀለም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1856 በእንግሊዝ ከተገኘው ሐምራዊ ይጀምራል። በምሳሌያችን ዳዊት በየንኡስ ክፍሉ ራስ ላይ ባለው ሐረግ ውስጥ በላቦራቶሪ አኒሊን መሆኑ የተረጋገጠ ሐምራዊ ተገኘ እንበል። 1667፣ 1743 እና 1819 በአንድ ጊዜ ወደቁ።

ግን ሐረጉ ከጽሕፈቱ ጋር የተሠራ መሆኑን ማረጋገጥ አለብን። ለሽያጭ ሲባል በድሮ መጻሕፍት ላይ አዲስ ሥዕል መጨመር በሀገራችን የታወቀ ነገር ነው። እንዴት ይለያል? ጸሐፊው ለሐረጉ ቦታ ትቶ ከሆነ መስመሮቹ ከሐረጉ በታች በመጠናቸው ይጀምራሉ። ሐረጉ በኋላ የገባ ከሆነ በጠርዙ ላይ ይጨናነቃል፣ ፊደል ይነካል፣ ወይም የተፋቀ ብራና ላይ ይቀመጣል። በአሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ሲታይ ቀለሙ እድፉ ላይ ተቀምጦ እንደሆነ ወይም እድፉ ቀለሙ ላይ እንዳረፈ ይለያል። በእኛ ዳዊት እድፉ ከላይ ነው፤ ሐረጉም ቦታውን ይዟል። የሐምራዊውን ምስክርነት እንቀበላለን።

አደራ፣ ቀለም ለመፈተን ብላችሁ ምራቅ ወይም እርጥብ ጨርቅ አታስነኩ። አኒሊን በውኃ ይፈስሳል፤ ፈተናው ማስረጃውን ይዞት ይሄዳል።

አሁን የቀሩን 1895 እና 1971 ናቸው። ብዙ ሰው የሚተማመንበትን ጥራዝ እስካሁን ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው፤ በእኔ ፍርድ ከአራቱ ምስክሮች እጅግ ጥንቃቄ የሚያሻው እርሱ ነው። የእኛ ጥራዝ አሠራሩ የታወቀ ነው። ብዙ ጊዜ አራት ወይም አምስት ብራና ታጥፎ አንድ ጥራዝ ይሆናል፤ ጥራዞቹ በጥንድ ቀዳዳዎች በጅማት ወይም በክር እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ይሰፋሉ፤ በሁለት የእንጨት ገበታ ይያዛሉ፤ ገበታው በቆዳ ይለበጥና ይደጎሳል። ይህ አሠራር ለብዙ መቶ ዓመታት እጅግ ጥቂት ስለተለወጠ ከስፌቱ ብቻ ዘመን ማንበብ ከባድ ነው። በዚያ ላይ ክር ይበጠሳል፣ ገበታ ይሰበራል፣ መጽሐፉ እንደገና ይጠረዛል። የ17ኛው ምዕተ ዓመት መጽሐፍ ትናንት የተደጎሰ ቆዳ ሊለብስ ይችላል። የተገላቢጦሹም አለ፤ የጥንት ገበታ ለአዲስ መጽሐፍ ይውላል።

የምታዩት እንዲህ ነው። መጽሐፉን በቀስታ ከፍታችሁ የአንዱን ጥራዝ መካከል ተመልከቱ፤ ክሩ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ታገኛላችሁ። ከእርሱ ሌላ ክር የሌለበት ባዶ ቀዳዳ ካለ መጽሐፉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተፈትቶ ተሰፍቷል። ከዚያ ገበታውን ተመልከቱ። የገበታው ቀዳዳዎች ከጥራዙ ቀዳዳዎች ትይዩ ካልሆኑ ገበታው ከሌላ መጽሐፍ የመጣ ነው። ቀጥሎ የገበታውን ውስጠኛ ፊት እዩ። ብዙ ጊዜ ቆዳው ታጥፎ በገባበት መካከል ቁራጭ ጨርቅ ይለጠፋል፤ ከውጭ ሀገር የመጣ ሐር ወይም በፋብሪካ የታተመ ቺት ሊሆን ይችላል። ጨርቁ ዘመን ይናገራል፤ የሚናገረው ግን የደጓሹን ዘመን ነው። በእኛ ዳዊት ባዶ ቀዳዳዎች አሉ፤ ጨርቁም የናይሎን ቅልቅል ነው። ናይሎን ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በፊት አልነበረም፤ ስለዚህ ድጉሱ ከዚያ ወዲህ ነው። ባዶዎቹ ቀዳዳዎች ባይኖሩ ኖሮ ይህ ጨርቅ ወደ 1971 ይገፋን ነበር። ቀዳዳዎቹ ግን ከዚህ በፊት ሌላ ስፌት እንደነበረ ስለመሰከሩ ጨርቁ ስለ ጽሕፈቱ ዝም አለ።

ስለ ጉዳቱ ደግሞ እዚህ ቡሌ ላይ ሆኜ ስናገር የማልፈው ነገር አለ። ይህ ደጋ ነው፤ ጭጋግና እርጥበት የሚበዛበት የእንሰትና የቀርከሃ ሀገር። ብራና ቆዳ ነውና እርጥበት ሲነካው ይለሰልሳል፣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሻጋታም ይይዘዋል። በደረቅ ቆላ በሚገኝ ዋሻ ውስጥ ሦስት መቶ ዓመት የኖረ መጽሐፍ እዚህ አርባ ዓመት ከኖረው ይልቅ ንጹሕ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በዚያ ላይ ዳዊት በየቀኑ የሚደገም መጽሐፍ ነው። አንድ አባት ሌሊት በጧፍ ብርሃን ሲደግሙ ሰሙ ይንጠባጠባል፣ አውራ ጣታቸው በየቅጠሉ ታችኛ ጥግ ላይ ያርፋል፤ በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ያ ጥግ ይጠቁራል። በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚወጣ መጽሐፍ ግን ብዙ ዘመን ሳያድፍ ይቆያል። ስለዚህ እድፍ የሚቆጥረው አገልግሎትን ነው።

እድፉ ጠቃሚ የሚሆነው ለሌላ ነገር ነው፦ ማታለልን ለመለየት። በአገልግሎት ያደፈ መጽሐፍ የሚያድፈው እጅ በሚነካበት፣ በፊተኞቹና በኋለኞቹ ቅጠሎች ላይ በርትቶ ነው፤ መካከሉና የጥራዙ እጥፋት ይነጣሉ። ጢስ ተሞቆ ያረጀ የተደረገ መጽሐፍ ግን እስከ እጥፋቱ ድረስ እኩል ይጠቁራል፣ አንዳንዴም ጽሕፈቱ ከጢሱ በላይ ተጽፎ ይገኛል።

ታዲያ 1895 ነው ወይስ 1971? ፍርዱን የሚሰጠን ብዙዎቻችን ሳናነብ የምናልፈው ቦታ ነው። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ ባለቤቶች ማስታወሻ ይጽፋሉ፦ ልጅ የተወለደበትን፣ መጽሐፉ ለደብር የተሰጠበትን፣ ገንዘብ የተበደሩበትን። በዚህ ዳዊት ባዶ ቅጠል ላይ በሌላ እጅ «በ1926 ዓ.ም. ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ» የሚል አለ እንበል። ማስታወሻው የተጻፈበት ቅጠል ከጽሕፈቱ ጋር የአንድ ጥራዝ መሆኑን አረጋገጥን፤ በኋላ የተጨመረ ቅጠል አይደለም። እንግዲህ በ1926 የነበረ መጽሐፍ በ1971 ሊጻፍ አይችልም። 1895 ብቻውን ቀረ። በጸሎቱ መካከል የጳጳሱ ስም «አባ ማቴዎስ» ተብሎ ሲገኝ ደግሞ ይጸናል፤ አቡነ ማቴዎስ እ.ኤ.አ. ከ1881 እስከ 1926 ኢትዮጵያ ውስጥ ነበሩና። ስሙ በተፋቀ ቦታ ላይ አለመጻፉን ግን በመነጽር ማየት ግድ ነው፤ የባለቤትንና የጳጳስን ስም ፍቆ ሌላ መተካት ልማድ ነበር።

አንድ ጥርጣሬ ይቀራል። ጸሐፊ ከፊቱ ያለውን መጽሐፍ ሲገለብጥ የዚያን መጽሐፍ መዝጊያ ከነዘመኑ አብሮ ሊገለብጥ ይችላል። ያኔ «ዘመነ ሉቃስ፣ አበቅቴ ሦስት» የእናቱ ቀን እንጂ የልጁ አይሆንም። የእኛ ዳዊት ከዚህ የሚድነው ሐምራዊው ቀለም፣ የጳጳሱ ስምና የ1926 ማስታወሻ ከመዝጊያው ጋር ስለተስማሙ ነው። ባይስማሙ ኖሮ መዝጊያውን ትተን «ከ1856 እ.ኤ.አ. በኋላ፣ ከ1926 ዓ.ም. በፊት» ብለን እንጽፍ ነበር፤ ይህም የሚያሳፍር መልስ አይደለም። የተገራ ክፍተት ከተፈጠረ ዓመት ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ እንዳያችሁት ዓመቱን ያስቆረጡን ትልልቆቹ ነገሮች አልነበሩም። ባዶ ቀዳዳ፣ የሐረግ ጥግ፣ በባዶ ቅጠል ላይ የተጫረ የስጦታ ማስታወሻ ናቸው። በመልካም አሳብ የሚጠፉትም እነዚሁ ናቸው። መጽሐፍ ሲታደስ አሮጌው ክርና ጨርቅ ይጣላል፣ ማስታወሻ ያለበት ቅጠል «ቆሻሻ» ተብሎ ይፋቃል፣ ገበታው ይለወጣል።

ስለዚህ ለዕቃ ቤት ኃላፊዎች የማቀርበው ልመና ይህ ነው። ማንኛውም የብራና መጽሐፍ ወደ ደጓሽ ከመሄዱ በፊት እያንዳንዱ ቅጠል፣ ባዶዎቹ ጭምር፣ ሁለቱም ገበታዎች ከውስጥና ከውጭ፣ የጥራዙም እጥፋት በቀን ብርሃን ፎቶ ይነሡ። ከአሮጌው ስፌት የወጣው ክር፣ ቁራጭ ቆዳና ጨርቅ በፖስታ ተደርጎ፣ የመጽሐፉ ስም ተጽፎበት፣ ከመጽሐፉ ጋር በማኅደሩ ይቀመጥ። የተጻፈበትን ቅጠል ማንም እንዳይፍቅ።